ደንበኛ የተከራከረበት ኢንቮይስ እና የሰኔ 30 ማስተካከያ፦ ለኦዲተር የሚጻፈው ሜሞ

ጥያቄ፦ የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። አንድ ትልቅ ደንበኛ በላክንለት ኢንቮይስ አልስማማም ስላለ፣ የተከራከረበትን ገንዘብ በሙሉ በመዝጊያው ላይ የአጠራጣሪ ዕዳ ወጪ አድርጌ መዘገብኩ። ኦዲተሩ ማብራሪያ ሜሞ ጠየቁን፤ አንድ አንቀጽ ጽፌ ብልክ «በቂ አይደለም» ብለው መለሱት። ሜሞው ውስጥ ምን መግባት አለበት?

መልስ፦

ሜሞውን እንደገና ከመጻፍዎ በፊት ምዝገባውን ራሱን ይመርምሩት። ኦዲተሩ የመለሱልዎት ጽሑፉ አጥሮባቸው ላይሆን ይችላል። ደንበኛው የተከራከረበት ገንዘብ በሙሉ «አጠራጣሪ ዕዳ» ውስጥ መግባቱ ሳያሳስባቸው አልቀረም። እኔ መጀመሪያ በኦዲት፣ በኋላ ደግሞ በፋይናንስ ኃላፊነት ስሠራ እንዲህ ያለውን ሜሞ ተቀብዬም ጽፌም አውቃለሁ። አብዛኛው ጊዜ ሜሞው የሚወድቀው ምዝገባው መጀመሪያውኑ የተሳሳተ ጥያቄ መልሶ ስለተገኘ ነው።

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው፦ ደንበኛው ያልከፈለው መክፈል አቅቶት ነው ወይስ ዕዳው የለብኝም ብሎ? አቅቶት ከሆነ ሽያጩ እንደ ሽያጭ ይቆማል፣ ዋጋውም አልተነካም፤ የደረሰብን የመሰብሰብ ችግር ብቻ ነው። እሱን አይኤፍአርኤስ 9 ይዳኘዋል፤ የሚጠበቅ የብድር ኪሳራ ተሰልቶ ወጪ ይሆናል። ደንበኛው «ዕቃው ጎድሏል፣ ጥራቱ ወርዷል፣ ዋጋው ከውሉ ውጭ ነው» የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክርክሩ እኛ ከመጀመሪያው ስንት ብር የመጠየቅ መብት ነበረን በሚለው ላይ ነው። ይህን የሚዳኘው አይኤፍአርኤስ 15 ሲሆን፣ የሚቀነሰውም ከገቢው ላይ ነው። የተጣራው ትርፍ በሁለቱም መንገድ አንድ ሊሆን ይችላል። የሽያጭ መስመሩ፣ የጠቅላላ ትርፉ መጠን፣ በሽያጭ ላይ የሚታሰበው ኮሚሽን ግን ይለያያሉ፤ ኦዲተሩም የሚያዩት እነዚህን ነው። በአነስተኛና መካከለኛ ተቋማት አይኤፍአርኤስ የምትሠሩ ከሆነ የክፍሎቹ ቁጥር ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

በራሴ እጅ ያለፈ አንድ ጉዳይ ልንገርዎት። ድርጅቱን በስም አልጠቅሰውም፤ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

ለግንባታ የተዘጋጀ ኮንክሪት አምርቶ በሚክሰር ሳይት ድረስ የሚያቀርብ ድርጅት ነው። በመጋቢት 2017 ለአንድ ሥራ ተቋራጭ 2,400 ሜትር ኩብ ኮንክሪት አቀረበ፤ ዋጋው በሜትር ኩብ 10,000 ብር። ሚያዝያ 2 ቀን የ24,000,000 ብር ኢንቮይስ ተላከ፣ ተ.እ.ታ 3,600,000 ተጨምሮበት። ግንቦት 12 ቀን ተቋራጩ ሁለት ቅሬታ የያዘ ደብዳቤ ላከ። አንደኛው፣ 180 ሜትር ኩብ የተባለው የሳይት ሠራተኛ ያልፈረመበት የማስረከቢያ ሰነድ ስላለው አልከፍልም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለወለል የተሞላው 600 ሜትር ኩብ የ28 ቀን የኪዩብ ውጤቱ፣ ማለትም በናሙና የተለካው ጥንካሬው፣ ውሉ ከሚለው 30 ሜጋ ፓስካል በታች ስለሆነ ለእሱም አልከፍልም የሚል ነው። በድምሩ 7,800,000 ብር ከተ.እ.ታ በፊት። የቀረውን 16,200,000 ብር ከነተ.እ.ታው በወቅቱ ከፍሏል።

የድርጅቱ ሂሳብ ክፍል በሐምሌ 8 ያደረገው እርስዎ ያደረጉትን ነበር፤ 7,800,000 ብሩን በሙሉ የአጠራጣሪ ዕዳ ወጪ አድርጎ በሰኔ 30 ቀን ምዝገባ አስገባው። ጥንቃቄ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ደንበኛ ሌላውን ሁሉ በጊዜው የከፈለ ደንበኛ ነው። የመክፈል አቅሙ ላይ ጥርጣሬ የሚያነሳ አንድም ማስረጃ አልነበረም። ስለዚህ 7,800,000 ብር «ላይሰበሰብ ይችላል» የሚለው ቃል ምንም መሠረት አልነበረውም። ምዝገባው ለኦዲተር ሲታይ ሁለት መጥፎ ትርጉም ይሰጣል፤ ወይ ትርፍ ለማሳነስ የተጋነነ መጠባበቂያ ነው፣ ወይ ድርጅቱ የኮንክሪቱን ጥራት ችግር በብድር ችግር ስም እየሸፈነ ነው።

ሁለቱን ቅሬታዎች ለያይተን ስናያቸው መልሳቸው የተለያየ ሆነ።

የ180 ሜትር ኩቡ ጉዳይ የማስረጃ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ሚክሰር 6 ሜትር ኩብ ስለሚጭን የምንፈልገው 30 ጉዞ ነው። የማምረቻ ጣቢያው ኮምፒውተር ሠላሳውንም ጭነት መዝግቧል፤ ያ ግን የሚያሳየው ከእኛ ግቢ መውጣቱን እንጂ እነሱ ዘንድ መድረሱን አይደለም። የተቋራጩ የጥበቃ መዝገብ ቅጂ ሲገኝ በ20ው ጉዞ ላይ የታርጋ ቁጥርና የገባበት ሰዓት ተጽፎ ተገኘ። ለ10ሩ ጉዞ፣ ማለትም ለ60 ሜትር ኩብ፣ ምንም አልተገኘም። ማስረከባችንን ማሳየት ካልቻልን ገቢ ልንለው አንችልም፤ 600,000 ብር ከገቢው ወጣ። የ120 ሜትር ኩቡ 1,200,000 ብር ባለበት ቆየ።

የ600 ሜትር ኩቡ ጉዳይ የዋጋ ጉዳይ ነው። ኮንክሪቱ መድረሱን ማንም አልካደም፤ ተሞልቶ ወለል ሆኗል። ውሉ ደግሞ ጥንካሬው ከታዘዘው በታች ሆኖ አማካሪ መሐንዲሱ ሥራው እንዲቆይ ከፈቀዱ ዋጋው በስምምነት ይቀነሳል ይላል። ይህ በአይኤፍአርኤስ 15 አነጋገር ተለዋዋጭ ዋጋ ነው። ደንቡ የሚጠይቀው፣ በኋላ ትልቅ ተመላሽ የማያስከትል መሆኑ እጅግ የሚታመነውን ያህል ብቻ ገቢ ላይ እንድናቆይ ነው። ድርጅቱ ሰኔ 18 ቀን 25 በመቶ ቅናሽ በደብዳቤ አቅርቦ ነበር፤ ተቋራጩ 100 በመቶ ይላል። ከወለሉ ላይ ሰኔ 24 ቀን የኮር ናሙና ተቆፍሮ ውጤቱ ሐምሌ 22 ወጣ። ጥንካሬው ከታዘዘው በታች መሆኑን አረጋገጠ፤ መሐንዲሱ ግን ወለሉ ሳይፈርስ እንዲቆይ ፈቀዱ። ነሐሴ 14 ቀን ሁለቱ ወገኖች በ45 በመቶ ቅናሽ ተስማምተው ፈረሙ፤ በዚሁ ስምምነት ላይ ተቋራጩ የ20ውን ጉዞ ተቀበለ። የ6,000,000 ብሩ 45 በመቶ 2,700,000 ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ማስተካከያ 600,000 እና 2,700,000፣ በድምሩ 3,300,000 ብር ሆነ። ዴቢት የኮንክሪት ሽያጭ ገቢ፣ ክሬዲት ከተሰብሳቢ ላይ የሚቀነስ የዋጋ ቅናሽ። የብድር ኪሳራው ለብቻው ነው። በክርክር ከነበረው ገንዘብ የቀረው 4,500,000 ብር ከተ.እ.ታው ጋር 5,175,000 ይሆናል፤ ድርጅቱ ለዚህ ዕድሜ ተሰብሳቢ የሚጠቀምበት መጣኔ 2 በመቶ ስለነበር 103,500 ብር ወጪ ተያዘ። ከ7,800,000 ብር የአጠራጣሪ ዕዳ ወጪ የተረፈው ይህ ብቻ ነው።

ተ.እ.ታው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለ3,300,000 ብሩ የሚመጣው ተ.እ.ታ 495,000 ብር ነው፤ አንዳንድ የሂሳብ ባለሙያ በሰኔ 30ው ምዝገባ ላይ ይህንንም አብሮ ከተከፋይ ተ.እ.ታ ላይ ይቀንሰዋል። ታክሱ ግን የሚቀነሰው በውስጥ ጆርናል አይደለም፣ ለደንበኛው ክሬዲት ኖት ሲሰጥ ነው። ክሬዲት ኖቱ የወጣው በነሐሴ ስለሆነ 495,000 ብሩ በሰኔ 30 ተሰብሳቢው ውስጥ ቆይቶ በነሐሴ ወር የታክስ ማስታወቂያ ተስተካከለ። ሜሞው ላይ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ አለበለዚያ ኦዲተሩ የደንበኛውን ቀሪ ሂሳብ ከስምምነቱ ጋር ሲያስታርቁ 495,000 ብር ልዩነት ያገኙና ሌላ ጥያቄ ይልኩልዎታል።

አሁን ወደ ሜሞው። ኦዲተር በዓመት መጨረሻ ላይ የገቡ ጆርናሎችን መርጦ እንዲመረምር የኦዲት ደረጃው፣ አይኤስኤ 240፣ ያስገድደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያየው ምዝገባው የሚመለከተውን ቀን ሳይሆን ወደ ሲስተሙ የገባበትን ቀን ነው። በዚህ ጉዳይ ሲስተሙ ሦስት ነገር ያሳያል፤ ሐምሌ 8 የገባ የ7,800,000 ብር ምዝገባ፣ ነሐሴ 20 የገባ ስረዛ፣ በዚያው ቀን የገባ የ3,300,000 ብር አዲስ ምዝገባ። ሦስቱም የሰኔ 30 ቀን ይዘዋል። ሜሞው ስለ መጨረሻው ብቻ ቢናገር ኦዲተሩ የመጀመሪያውን ራሳቸው ያገኙታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፉት ሁሉ በጥርጣሬ ይነበባል። እኛ የከፈትነው እንዲህ ብለን ነበር፦

«በሐምሌ 8 ቀን 2017 በጆርናል ቫውቸር የተያዘው 7,800,000 ብር የአጠራጣሪ ዕዳ ወጪ ትክክል አልነበረም። ደንበኛው የመክፈል አቅም ችግር እንዳለበት የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረንም፤ ክርክሩ በመጠንና በጥራት ላይ ነበር። ምዝገባው ነሐሴ 20 ቀን ተሰርዞ በ3,300,000 ብር የገቢ ቅነሳ ተተክቷል። ያዘጋጀው ዋና ሂሳብ ሹሙ፣ ያጸደቀው የፋይናንስ ኃላፊው ነው።»

ስህተቱን በራስ አፍ መናገር የሚያሳፍር ይመስላል። እኔ ኦዲተር በነበርኩበት ጊዜ ግን እንዲህ የሚጀምር ሜሞ ሲደርሰኝ ቀሪውን በእምነት አነብ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ የሜሞው ክብደት እዚህ ላይ ነው። ስምምነቱ የተፈረመው ነሐሴ 14፣ ዓመቱ ካለቀ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ነው። ታዲያ ለምን በ2017 ተመዘገበ? ባልደረቦች ብዙ ጊዜ የሚመልሱት «ሂሳቡ ገና ስላልወጣ» በሚል ነው። ያ መልስ ግማሽ ነው። አይኤኤስ 10 የሚጠይቀው ከሰኔ 30 በኋላ የመጣው መረጃ በሰኔ 30 የነበረን ሁኔታ ያረጋግጣል ወይስ አዲስ ሁኔታ ነው የሚለውን ነው። እዚህ ኮንክሪቱ የተሞላው በመጋቢት ነው፣ የኪዩብ ውጤቱ የወጣው በሚያዝያ ነው፣ ቅሬታው የመጣው በግንቦት ነው፣ የኮር ናሙናው ራሱ የተቆፈረው ሰኔ 24 ነው። የሐምሌው ውጤትና የነሐሴው ስምምነት ያደረጉት በሰኔ 30 የነበረውን ጉድለት ዋጋ ማሳወቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ማስተካከያ የሚያስፈልገው ክስተት ነው። ሜሞው ላይ እነዚህን ቀኖች በቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ቀኑን የሚያረጋግጠውን ሰነድ ይጥቀሱ። በአንጻሩ ተቋራጩ በነሐሴ እሳት ደርሶበት ቢከስር ኖሮ ያ አዲስ ሁኔታ ነው፤ የሰኔ 30ን ቁጥር አይነካም፣ ትልቅ ከሆነ በማብራሪያ ይገለጻል።

ሂሳቡ እስኪዘጋ ስምምነት ባይደረስስ? ያኔ ግምት መስጠት ግዴታ ነው፣ ግምቱም ከየት እንደመጣ ማሳየት አለበት። ይህ ድርጅት ከዚያ በፊት ሦስት የጥራት ክርክሮች ነበሩት፣ ሁሉም ከ30 እስከ 50 በመቶ ቅናሽ ላይ አልቀዋል። እኔ ብሆን 50 በመቶ፣ 3,000,000 ብር፣ እቀንስ ነበር። የራሳችንን የ25 በመቶ ሐሳብ አልይዝም፤ ለድርድር መነሻ የቀረበ ቁጥር ነውና የመጨረሻው ከእሱ በታች እንደማይሆን ይታወቃል። ደንበኛው የጠየቀውን 100 በመቶም አልይዝም፤ የሱም መነሻ ነው። ኦዲተሩ የሚፈልጉት ቁጥሩ ፍጹም ትክክል መሆኑን አይደለም፤ በሰኔ 30 በእጃችን ከነበረው መረጃ ወደ ቁጥሩ የሚያደርሰው መንገድ እንዲታያቸው ነው።

ሽያጩ የቀደመው ዓመት ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ኮንክሪቱ በ2016 ግንቦት ቀርቦ ክርክሩ በ2017 ተነስቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሜሞው ስለ 2016ቱ ሂሳብ መዝጊያ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ያኔ ሂሳቡ ሲጸድቅ ጉድለቱን የሚያሳይ መረጃ በእጃችን ነበር ወይስ አልነበረም? ካልነበረ የግምት ለውጥ ነው፣ በ2017 ይመዘገባል። የኪዩብ ውጤቱ በጥራት ቁጥጥር ክፍል መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሂሳብ ክፍል ሳያውቅ ቀርቶ ከሆነ ግን የአይኤኤስ 8 ስህተት ነው። ትልቅ ከሆነ የ2016ቱ ቁጥር ተስተካክሎ እንደገና ይቀርባል። «ሂሳብ ክፍል አያውቅም ነበር» የሚለው ድርጅቱን አያድንም፤ ደረጃው የሚጠይቀው ድርጅቱ ሊያገኘው ይችል የነበረውን መረጃ ነው። ስለዚህ ሜሞውን ከመጻፍዎ በፊት ወደ ላቦራቶሪውና ወደ ሽያጭ ክፍሉ በአካል ይሂዱ። የኢሜይልና የቴሌግራም መልእክቶቻቸውንም ያንብቡ።

ለዚህ ምክር ምክንያት አለኝ። በዚያ ጉዳይ የሽያጭ ኃላፊው ሚያዝያ 20 ቀን ለተቋራጩ በቴሌግራም «የዚያ ሳምንት ኮንክሪት ላይ ችግር እንደነበረ እናውቃለን፣ እንነጋገራለን» ብሎ ጽፎ ተገኘ። መልእክቱ የድርጅቱን ክርክር ያዳክማል፤ ከፋይሉ እንዲወጣ የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ከሜሞው ጋር አያያዝነው። ከግምታችን ጋር የሚጋጨውን ማስረጃ ራሳችን አስቀምጠን ለምን ቁጥሩን እንዳልቀየረው አብራራን፤ መልእክቱ ጉድለት መኖሩን ያምናል እንጂ ስለ መጠኑ ምንም አይልም። ኦዲተሩ ለተቋራጩ የሒሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ ሲልኩ ይኸው መልእክት ከመልሱ ጋር ተያይዞ መጣ። ቀድመን ባናሳይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አይከብድም።

ሁለት ነገሮችን ከዚህ ቁጥር ጋር አያቀላቅሉ። ተቋራጩ ወለሉን ለማጠናከር ላወጣው ወጪ ካሳ ከጠየቀ ያ ከኢንቮይሱ ዋጋ ቅናሽ የተለየ ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው ይታያል፤ የመክፈል ግዴታ ካለና ሊገመት ከቻለ በአይኤኤስ 37 መሠረት መጠባበቂያ ይያዝለታል። እርስዎ ደግሞ ሲሚንቶ አቅራቢዎን ልጠይቅ ካሉ፣ ያንን ገንዘብ ማግኘትዎ እርግጠኛ እስኪሆን ድረስ ከኪሳራው ላይ አይቀንሱት።

የገቢ ግብሩን በአጭሩ፦ በሜሞው መጨረሻ ላይ የዋጋ ቅናሹና የብድር ኪሳራው ለግብር በተለያየ መንገድ እንደሚታዩ ይጻፉ። መጠባበቂያ መያዝ ብቻውን ተቀናሽ አያደርግም፤ አዋጅ ቁጥር 979/2008 የማይሰበሰብ ዕዳ ከመዝገብ መሰረዙንና ለማስመለስ ሕጋዊ እርምጃ መወሰዱን ይጠይቃል። 7,800,000 ብሩ በወጪነት ቢቆይ ኖሮ ግብር ሲታሰብ ተመልሶ ይደመር ነበር፤ ክሬዲት ኖትና የተፈረመ ስምምነት ያለው የ3,300,000 ብር ቅናሽ ግን የሽያጩ ዋጋ መቀነስ ነው። እስከ ጥቅምት 30 ለማስታወቅ ስትዘጋጁ ልዩነቱ ይጠቅማችኋል።

ለእርስዎ ጉዳይ ዛሬ የሚጀምሩት ይኸውልዎት። የደንበኛውን የቅሬታ ደብዳቤ ያውጡና ከእያንዳንዱ ቅሬታ ጎን «ስንት ብር» እና «መጠን፣ ጥራት፣ ዋጋ ወይስ አቅም» ብለው ይጻፉ። «አቅም» የሚል አንድም መስመር ካላገኙ የአጠራጣሪ ዕዳ ምዝገባውን ይሰርዙት። ከዚያ ሜሞውን በዚህ መልክ ይዝጉት፦

«በሰኔ 30 ቀን 2017 ከነበረው የደንበኛው ቀሪ ሂሳብ በስምምነቱ መሠረት የሚሰበሰበው፣ በነሐሴ ክሬዲት ኖት የተቀነሰው 495,000 ብር ተ.እ.ታ ሳይጨምር፣ 5,175,000 ብር ሲሆን፣ መስከረም 9 ቀን 2018 በባንክ ገቢ ሆኗል። የነሐሴ 14 ስምምነት፣ የኮር ውጤቱ፣ የ30 ጉዞ ዝርዝር፣ የክሬዲት ኖቱና የባንክ መግለጫው ተያይዘዋል። ለ60 ሜትር ኩብ የማስረከቢያ ማስረጃ ያልተገኘበት ምክንያት አልታወቀም፤ የአሽከርካሪዎቹ የነዳጅ መዝገብ እየተጣራ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንድናወጣት ተጠይቀን ነበር። አላወጣናትም። ኦዲተሩም በቀጣዩ ሳምንት መጥተው በቀጥታ የጠየቁት የነዳጅ መዝገቡን ነበር።